ፊርማው ያለበት ምስክር፦ መስቀለኛ ጥያቄ እንዴት ይሰናዳል?

ፊልም ላይ ጠበቃው ምስክሩን ሲያፋጥጥ ጥያቄው ድንገት ከአፉ የሚፈልቅ ይመስላል። በእኛም አገር በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋች የሚደነቀው በአንደበቱ ነበር፤ በምሳሌና በግጥም ተቃራኒውን አፉን ያስይዝ ነበር። ዛሬ ግን፣ በተለይ በውል ክርክር፣ ጥሩ መስቀለኛ ጥያቄ የሚሠራው ከችሎቱ በፊት በነበሩት ቀናት ጠረጴዛ ላይ ነው። ችሎት ውስጥ የሚሰማው የተጻፈው ነገር ንባብ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 263 የመስቀለኛ ጥያቄን ዓላማ በግልጽ ያስቀምጣል። ምስክሩ ለዋናው ጥያቄ ከሰጠው መልስ ውስጥ የተሳሳተውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም ሐሰት የሆነውን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው። ለዚህም ሲባል መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ፣ ይፈቀዳል። ምስክሩን የጠራው ወገን ግን በዋናው ጥያቄ እንደ ልቡ መምራት አይችልም። ራሱ የጠራው ምስክር ቢከዳው እንኳ ፍርድ ቤቱን ሳያስፈቅድ ወደ መሪ ጥያቄ መግባት አይገባውም። እዚህ የምናወራው ግን ብዙ ጊዜ ስለሚያጋጥመው ምስክር ነው፤ ተቃራኒው ወገን ስላመጣውና ለእኛ ደግ ነገር የመናገር ፍላጎት ስለሌለው።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ጠበቃው የተቃራኒውን ምስክር ከችሎት በፊት በቃለ መሐላ ጠይቆ፣ ቃሉን አስገልብጦ በእጁ ይይዛል። ምስክሩ በኋላ ሌላ ነገር ቢል ገጹን ገልጦ ያሳየዋል። በእኛ ፍርድ ቤቶች ይህ የለም። ከተቃራኒው ወገን የሚደርሰን የማስረጃ ዝርዝር ነው፤ የምስክሩ ስም፣ አድራሻውና የሚመሰክርበት ነገር ባጭሩ ተጽፎበታል። ቃሉን ሙሉውን የምንሰማው እሱ ቆሞ ሲናገር ነው። ስለዚህ የእኛ አገር መስቀለኛ ጥያቄ የሚታነጸው በሰነድ ላይ ነው፤ በተለይ ምስክሩ ራሱ በጻፈው ወይም በፈረመበት ሰነድ። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ቁማር ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው፤ ለማስረዳት ያሰናዳሁት ጉዳይ ነው። አንድ ብሎኬት አምራች ለሕንፃ ተቋራጭ 10,000 ብሎኬት፣ አንዱን በ40 ብር፣ ለማቅረብ ይዋዋላል። 150,000 ብር ቅድሚያ ይቀበላል፤ ቀሪው የመጨረሻው ጭነት ከገባ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፈል ነው። ጉድለት ከተገኘ ገዢው በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ውሉ ያስገድዳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲነግር ይጠብቅበታል። ብሎኬቱ በሲኖትራክ፣ በየጉዞው 1,000፣ በ10 ጉዞ ገባ። ጥር 10 የመጨረሻው ጭነት ተራገፈ። ገንዘቡ ግን አልመጣም፤ ክስ ተመሠረተ። ተቋራጩ በመከላከያ መልሱ፣ «በ4ኛው፣ በ5ኛውና በ8ኛው ጉዞ ከመጣው ውስጥ 2,000ው ተሰነጣጥቆ ስለነበር አልተጠቀምንበትም፤ ያኔውኑ በስልክ ነግረናል» አለ። ምስክሩ የሳይቱ ስቶር ኪፐር ነው።

የከሳሹ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጽፈው ጥያቄ አይደለም። በመጨረሻው ክርክር ላይ ስለዚህ ሰው ለዳኛው ሊለው የሚፈልገውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለምሳሌ፦ «ይህ ምስክር 40 ብሎኬት ቢሰበር የሚጽፍ ሰው ነው፤ 2,000 ተሰብሮ ቢሆን ባልዘለለው ነበር።» ዓረፍተ ነገሩ ከየት መጣ? ከመዝገቡ። ጠበቃው 10ሩን የዕቃ መቀበያ ደረሰኞች አንድ በአንድ ሲያገላብጥ፣ በ7ኛው ላይ በስቶር ኪፐሩ እጅ ጽሑፍ «40 ተሰብሮ ስለመጣ 960 ተረክቤያለሁ» የሚል አገኘ። በ4ኛው፣ በ5ኛውና በ8ኛው ላይ ግን «1,000 ተረክቤያለሁ» ተብሎ ተፈርሟል፤ የምርመራ ሣጥኑ ባዶ ነው። ከሳሹም የ7ኛውን ጉድለት አክብሮ 40ውን ቀንሶ የጠየቀው 248,400 ብር ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ደረሰኙን ሁለቱም ወገኖች ይተማመኑበት እንደነበር የሚያሳየው ግን እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የወረቀቱ አሠራር ቀላል ነው። ገጹ በሦስት ዓምድ ይከፈላል። በአንደኛው ጥያቄው ይጻፋል፤ በሁለተኛው ጥያቄው የቆመበት ሰነድና የገጹ ቁጥር፤ በሦስተኛው ምስክሩ ከካደ ወይም ከሸሸ የሚደረገው። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ጥያቄ ይሰረዛል፤ እዚህ ላይ ማዘን የለም። አንድ ጥያቄ አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ይይዛል። «ዕቃውን በሚገባ መርምረውና ቆጥረው ነው የፈረሙት?» ብሎ የሚጠይቅ ጠበቃ ሦስት በር ከፍቷል፤ ምስክሩ «በሚገባ» በምትለዋ በአንዷ ብቻ ወጥቶ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ክፍል ምስክሩ በደስታ የሚቀበለው ነገር ነው፤ ሥራውን የሚያስከብር።

«ብሎኬት ሲገባ የሚረከቡት እርስዎ ነዎት፤ ትክክል?»
«ሲራገፍ ቆመው ይቆጥራሉ?»
«ቆጥረው ሳይጨርሱ አይፈርሙም፤ አይደል?»
«የተሰበረ ካለ ደረሰኙ ላይ ይጽፋሉ?»

ልምድ ያለው ስቶር ኪፐር ለእነዚህ «አይ» አይልም፤ ቢል ሥራዬን አላውቅም ማለቱ ነው። ብዙ ጀማሪ ጠበቆች ይህን ክፍል ዘለው በቀጥታ ወደ ጠቡ ይገባሉ። ምስክሩ አንዴ ከተቆጣ በኋላ ግን «ሰዓቱ ስንት ነው» ቢሉት እንኳ በጥርጣሬ ነው የሚመልሰው። የሚጠቅመንን ነገር ገና ፊቱ ሳይጠቁር መውሰድ ይሻላል።

ሁለተኛው ክፍል 7ኛው ደረሰኝ ነው። ሰነዱ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ፊርማው የእሱ መሆኑን፣ ጽሑፉ የእሱ መሆኑን፣ 40 ተሰብሮ ስላገኘ መጻፉን፣ ቁጥሩን ወደ 960 ዝቅ ማድረጉን አንድ በአንድ ይቀበላል። ተከሳሹ በመልሱ ፊርማውን ክዶ እንደሆነ ጠበቃው አስቀድሞ ማየት ነበረበት። ከካደ ነገሩ ሌላ መንገድ ይይዛል፤ ይህ ክፍልም በዚህ ምስክር ላይ አይሠራም። ሦስተኛው ክፍል 4ኛው፣ 5ኛውና 8ኛው ናቸው። ፊርማው የእርስዎ ነው? «1,000» ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት? የምርመራው ሣጥን ባዶ ነው? በሦስቱም ላይ? በቃ።

በቃ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ሦስተኛው «አዎ» ከምስክሩ አፍ ሲወጣ የጠበቃው ምላስ ይቅበጠበጣል፦ «ታዲያ 40 ሲሰበር የጻፉ ሰው 2,000 ሲሰበር ለምን አልጻፉም?» ይህን ጥያቄ መጠየቅ የለበትም። ምስክሩ የሚመልሰው ይታወቃል፦ «ሥራ አስኪያጁ ተረከብ፣ ከሻጩ ጋር እኛ እንነጋገራለን ስላለኝ ነው።» እውነት ይሁን አይሁን፣ እስከዚያች ደቂቃ ባዶ የነበረው ሣጥን ማብራሪያ አገኘ፤ ያውም በራሳችን ጥያቄ። «ለምን» የሚለው ቃል በዚህ ገጽ ላይ ጨርሶ አይታይም። መደምደሚያው የሚነገረው ለዳኛው ነው፤ ጊዜው ሲደርስ።

ሦስተኛው ዓምድ የሚሠራው ምስክሩ እንደጠበቅነው ሳይናገር ሲቀር ነው። ለዋናው ጥያቄ ሲመልስ፣ «ሲራገፍ ስንጥቁ አልታየም፤ ግድግዳ ሲሠራ ነው የታወቀው» ቢልስ? የመከላከያ መልሱ «ያኔውኑ በስልክ ነግረናል» ይላል፤ ቃሉ ከጠራው ወገን መልስ ጋር ተጋጨ ማለት ነው። ጠበቃው ሦስተኛውን ክፍል ያሳጥርና ወደ ማስታወቂያው ይዞራል፦ ጉድለቱን ያወቁበትን ቀን የመዘገቡበት ወረቀት የለም? ለሻጩ የጻፉት ደብዳቤ የለም? ይህም ቢሆን ተከሳሹ ካቀረባቸው ሰነዶች ውስጥ አንዳች እንደሌለ አስቀድሞ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ለዚህም ሲባል ምስክሩ ለዋናው ጥያቄ ሲመልስ ጠበቃው አንገቱን ደፍቶ የራሱን ወረቀት ማንበብ የለበትም። ያዘጋጀውን ከሰማው ጋር እያስተያየ፣ የማያስፈልገውን እየሰረዘ መቀመጥ አለበት። ምስክሩ ያልጎዳን ከሆነማ ከሁሉ የሚሻለው ተነስቶ «ጥያቄ የለኝም» ማለት ነው፤ ደንበኛው ቅር ቢለውም።

«አላስታውስም» የሚለው መልስ ብዙዎችን ያበሳጫል። እኔ ግን በውል ጉዳይ አልጠላውም። በ4ኛው ጉዞ ስንት እንደተሰበረ የማያስታውስ ሰው ሦስቱን ጉዞ ደምሮ 2,000 ያለው ከየት አምጥቶ ነው? ያንን ለምስክሩ አንጠይቀውም። ካላስታወሰ በዕለቱ የጻፈው ደረሰኝ ከቃሉ ይበልጣል፤ ዳኛው ይህን ለማየት እገዛ አያሻውም።

የተከሳሹ ተቀጣሪ መሆኑን በአንድ ጥያቄ ማንሳት ይበቃል። ደመወዝ ከማን እንደሚቀበል እየደጋገሙ ማዋረድ ግን ሰውየውን ተበዳይ ያደርገዋል። ረጅም ንግግር ከጀመረ ደግሞ ጥያቄው ቃሉ ሳይለወጥ፣ ድምፁ ሳይጨምር ይደገማል። በሁለተኛው ድግግሞሽ ብዙ ጊዜ ዳኛው ራሳቸው «የተጠየቅከውን መልስ» ይላሉ። ዳኞች በማንኛውም ሰዓት ምስክሩን መጠየቅ ስለሚችሉም ያልተጠየቀው «ለምን» ከችሎቱ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን ማንም ወረቀት አይከለክለውም።

ከተቃራኒው ጠበቃም ሊመጣ ይችላል። ድጋሚ ጥያቄ በመስቀለኛው የተነሳውን ለማጥራት ስለሆነ፣ ባዶው ሣጥን አንዴ ከተነሳ እሱም ያነሳዋል። ምስክሩ ያን ጊዜ «ሥራ አስኪያጁ ነው ያለኝ» ቢል የከሳሹ ጠበቃ ወረቀቱን አጥፎ ሌላውን ያወጣል። ሥራ አስኪያጁ ቀጣዩ ምስክር ነው። እሱ ጥር 22 በፊርማው የላከው ደብዳቤ ደግሞ ክፍያው በአንድ ወር እንዲራዘም ይለምናል፤ ስለ ተሰነጠቀ ብሎኬት አንድም ቃል የለበትም። ደብዳቤውን ለስቶር ኪፐሩ ያላሳየነው ለዚህ ነው፤ እሱ የማያውቀው ሰነድ ነው፣ ቀድሞ ቢወጣም ሥራ አስኪያጁ መልሱን አሰናድቶ በመጣ ነበር።