ከንፈር ሲከፈት፣ ጉሮሮ ሲነዝር

በታይኛ «ባ» እብድ ነው፣ «ፓ» አክስት፤ «ፓ»ን በትንፋሽ ገፋ አድርገው ካሉት ደግሞ ጨርቅ ይሆናል። የሦስቱም ቃና አንድ ነው። አክስትዎን ጨርቅ ላለማለት ወሳኙ ከንፈር በተከፈተበትና የድምፅ አውታሮች መንዘር በጀመሩበት ቅጽበት መካከል ያለው ጊዜ ነው።

ሊስከርና አብራምሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ይህን ጊዜ በድምፅ ሥዕል ላይ ለክተው አሳተሙ። በታይኛው «ባ» ንዝረቱ ከንፈር ከመከፈቱ በአማካይ 97 ሚሊ ሰከንድ ይቀድማል። በተራው «ፓ» 6 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይዘገያል፤ በትንፋሻማው ግን 64፤ በዚያ ክፍተት የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው።

መለኪያው ሁሉን አይፈታም። የሂንዲ ትንፋሻማ «ብ» እንደ ተራው «ብ» ንዝረቱ ቀድሞ ስለሚጀምር፣ ሁለቱን የሚለየው ከንፈር ከተከፈተ በኋላ የሚከተለው ትንፋሽ ነው።