ዜሮ ላይ ዋጋ የለውም፣ አንድ ላይም የለውም፤ በመካከላቸው ግን መፍትሔ አለ

ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ በእግሩ የሚወርድ ሰው፣ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ከፍታው ልክ 2,000 ሜትር ይሆናል። መነሻው ከዚያ በላይ፣ መድረሻው ከዚያ በታች ነው፤ እግረኛ ደግሞ ከፍታን ዘሎ አያልፍም። ቦታውን ባናውቀውም መኖሩ አያጠራጥርም።

ተማሪዎች ኢንተርሚዲየት ቫልዩ ቲዎረም የሚሉት ይህንኑ ነው። ቦልዛኖ በ1817 እ.ኤ.አ. ማረጋገጫ ጻፈለት፦ ሳይቋረጥ የሚሄድ ፈንክሽን በአንዱ ጫፍ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጋቲቭ ከሆነ፣ መካከል ላይ ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ አለ።

ችግር የሚመጣው ጫፎቹ ላይ ፈንክሽኑ ዋጋ ከሌለው ነው። ይህን እንይ፦

f(x) = 1/x + 1/(x³ − 1)

f(x) = 0 የሚለው እኩልታ በ0 እና በ1 መካከል መፍትሔ አለው? x ዜሮ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍልፋይ፣ አንድ ሲሆን ሁለተኛው ትርጉም ያጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ "f(0) ኢንፊኒቲ ነው" ብሎ ጽፎ ቲዎረሙን ይጠቅሳል። ይህ ስሕተት ነው፤ ኢንፊኒቲ ፈንክሽኑ የሚደርስበት ዋጋ አይደለም።

ሊሚት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። x ከቀኝ ወደ 0 ሲጠጋ 1/x ያለ ገደብ ያድጋል፣ ሌላው ወደ −1 ይሄዳል፤ ድምሩ ያለ ገደብ ያድጋል። ስለዚህ ለዜሮ ቅርብ የሆነ፣ f ፖዘቲቭ የሚሆንበት ነጥብ በእርግጥ አለ። x ከግራ ወደ 1 ሲጠጋ ደግሞ x³ − 1 ከዜሮ በታች ሆኖ እየጠበበ ስለሚሄድ f ያለ ገደብ ይወርዳል፤ እዚያም f ኔጋቲቭ የሚሆንበት ነጥብ አለ። ነጥቦቹን በእጃችን እንያዛቸው፦ f(0.1) ወደ 9፣ f(0.9) ወደ −2.58 ነው። ከ0.1 እስከ 0.9 ፈንክሽኑ የትም አይቋረጥም፤ አሁን ቲዎረሙን መጠቀም እንችላለን። መፍትሔ አለ።

የት እንዳለ ለመቅረብ መሐል መሐሉን መሞከር ነው። f(0.6) ወደ 0.39፣ f(0.7) ወደ −0.09 ስለሆነ መፍትሔው በ0.6 እና በ0.7 መካከል ነው።

ቲዎረሙ ስንት መፍትሔ እንዳለ አይናገርም። እዚህ አንድ ብቻ መሆኑን የምናውቀው በሌላ ምክንያት ነው፦ በ0 እና በ1 መካከል ሁለቱም ክፍልፋዮች x ሲጨምር ይቀንሳሉ፤ ሁልጊዜ የሚወርድ ፈንክሽን ደግሞ ዜሮን ሁለት ጊዜ አያቋርጥም።

የምልክት ለውጥ ብቻውን እንዳያታልለን ይኸው ፈንክሽን ያሳየናል። f(0.8) ወደ −0.80፣ f(2) ወደ 0.64 ነው። ምልክቱ ተቀይሯል፤ በመካከላቸው ግን መፍትሔ የለም። እኩልታውን ብናቃልለው x³ + x − 1 = 0 ይሆናል፤ የዚህ ግራ ወገን ደግሞ ከ0.8 ጀምሮ ምንጊዜም ፖዘቲቭ ነው። ምልክቱ የተቀየረው ፈንክሽኑ x = 1 ላይ ተቋርጦ፣ ከታች ወደ ላይ ዜሮን ሳይነካ ስለዘለለ ነው። ስለዚህ ምልክት ከማየታችን በፊት ታችኛው የክፍልፋይ ክፍል የት ዜሮ እንደሚሆን ማጣራት ይቀድማል።