ማይክሮሜትር የማይደርስበት ስህተት

የወፍጮ ሞተር ኩሽኔታ በተቀየረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደገና መጮህ ሲጀምር ወቀሳው መጀመሪያ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው። «ኦርጅናል አይደለም» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ኩሽኔታው ጤነኛ ሆኖ ሳለ የተቀመጠበት ሻፍት ነው የሚያበላሸው፤ ያም ሻፍት በማይክሮሜትር ተለክቶ «ልክ ነው» የተባለ ሊሆን ይችላል።

6208 የሚባለውን የተለመደ ኩሽኔታ እንውሰድ። ቀዳዳው 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመደበኛው ደረጃ ከተሠራ ከ40 አይበልጥም፣ ሊያንስ የሚችለውም ቢበዛ በ12 ማይክሮን ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሻፍቱ የሚሽከረከር ስለሆነ የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት። ላላ ካለ ቀለበቱ በሻፍቱ ላይ ቀስ እያለ ይንሸራተትና መቀመጫውን ይበላዋል፤ ሲፈታም ቡናማ የዝገት ዱቄት ይገኛል። ስለዚህ ንድፉ ላይ 40k5 ተብሎ ይጻፋል። ሻፍቱ ከ40.002 እስከ 40.013 ሚሊ ሜትር ይሁን ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ግን የሚናገረው ስለ መጠን ብቻ ነው፤ ስለ ቅርጽ አይናገርም። በአይ ኤስ ኦ ደንብ በሚሠራ ንድፍ መጠንና ቅርጽ ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው። ያለ ሴንተር በሚሠራ ግራይንዲንግ የወጣ ሻፍት ለዓይን በማይታይ መጠን ሦስት ጉብታ ሊያወጣ ይችላል። አንዱ ጉብታ ባለበት በስተማዶው ጎድጎድ ያለ ቦታ ስለሚገጥመው ማይክሮሜትሩ የትም ቢይዘው ያው 40.008 ያነባል። ያንኑ ሻፍት 90 ዲግሪ በሆነ ቪ-ብሎክ ላይ አስቀምጦ ዳያል ጌጅ አስነክቶ ማዞር ምስጢሩን ያወጣዋል። መርፌው 20 ማይክሮን ቢወዛወዝ፣ ይህ ብሎክ የሦስት ጉብታን ስህተት እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ትክክለኛው ጉድለት 10 ማይክሮን ገደማ ነው። ቀጭኑ የውስጥ ቀለበት በጥብቀት ሲገባ የሻፍቱን ቅርጽ ይወርሳል። ኳሶቹም በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ቦታ ላይ ይጨናነቃሉ፤ ጩኸቱና ሙቀቱ ከዚያ ይመጣል።

ይህን የሚከለክለው ምልክት ሲሊንድሪሲቲ ነው፤ አንዲት ክብ በሁለት ዘንበል ባሉ መስመሮች መሃል የምትሳልበት። ለዚህ መቀመጫ 0.005 ሚሊ ሜትር ተገቢ ነው፤ ለመጠኑ ከተፈቀደው 11 ማይክሮን ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው። ሲሊንድሪሲቲ አንድን ገጽ ከራሱ ጋር ብቻ የሚያመሳክር በመሆኑ ከቁጥሩ ኋላ የመነሻ ፊደል አይከተለውም። ከቁጥሩ ፊትም የዲያሜትር ምልክት አይገባም። ሁለቱም በንድፎች ላይ የሚታዩ ስህተቶች ናቸው።

ሲሊንድሪሲቲ የማይነካው ነገርም አለ። ባለ ቶርኖው አንዱን መቀመጫ ጨርሶ ሻፍቱን ገልብጦ በቸኩ ሲያስር፣ ሁለተኛው መቀመጫ በራሱ ፍጹም ክብ ሆኖ ከመጀመሪያው መስመር ሊወጣ ይችላል። ለዚህ የሚያገለግለው ቶታል ራን አውት ነው፤ ምልክቱ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዘንበል ያሉ ቀስቶች ናቸው። ጥያቄው «ከምን አንጻር?» የሚለው ነው። ሻፍቱ ማሽኑ ውስጥ የሚዞረው በሁለቱ ኩሽኔታዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ መነሻው የሁለቱ መቀመጫዎች የጋራ መስመር ይሆናል፣ በሳጥኑም A-B ተብሎ ይጻፋል። በጫፎቹ ላይ ያሉትን የሴንተር ቀዳዳዎች መነሻ ማድረግ ለባለ ቶርኖው ይቀለው ይሆናል፤ ሻፍቱ ሥራ ላይ ሲውል ግን በእነሱ ላይ አይዞርም።

ፊደሉን የሚሸከመው ጥቁር ሦስት ማዕዘን የሚቀመጥበት ቦታም ትርጉሙን ይለውጣል። ከ40k5 የመጠን መስመር ጋር በትክክል ከገጠመ «የዚህ ክፍል ማዕከላዊ መስመር» ማለት ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ ከተሳለ ግን መነሻው ገጹ ራሱ ይሆናል። የሲሊንድሪሲቲና የራን አውት ቀስት ግን በተቃራኒው ነው፤ የሚቆጣጠሩት ገጽን ስለሆነ ከመጠን መስመሩ ተለይቶ ገጹን ይነካል።

የቀረው ኩሽኔታው የሚደገፍበት ትከሻ ነው። ትከሻው ዘመም ካለ ቀለበቱም ዘሞ ይቀመጣል፤ እሱም ከ A-B አንጻር ቶታል ራን አውት 0.011 ይሰጠዋል። ትከሻው ሥር ያለው ኩርባ ግን በዚህ ምልክት አይያዝም፣ ለብቻው መጻፍ አለበት። ለ6208 ራዲየሱ ከ1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ የቀለበቱ ጠርዝ ኩርባው ላይ ይንጠለጠልና ትከሻውን ጨርሶ ሳይነካ ይቀራል።