ዘጠኙ ሣጥኖችና አንዲት የቡና ጋሪ

የቢዝነስ ሞዴል ካንቫስ አንድ ድርጅት ለማን፣ ምን፣ እንዴትና በስንት ወጪ እንደሚሠራ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። መነሻው አሌክሳንደር ኦስተርዋልደር በስዊዘርላንድ ሎዛን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ኢቭ ፒኘር አማካሪነት በ2004 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናት ነው። ሁለቱ ከ45 አገሮች ከተውጣጡ 470 ባለሙያዎች ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ በ2010 እ.ኤ.አ. በሰፊው ከተሰራጨ በኋላ ሠንጠረዡ ወደ ንግድ ትምህርት ክፍሎች ገባ። ዛሬ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም የሥራ ፈጠራ ትምህርት የሚወስዱ ተማሪዎች አንድ የምናብ ድርጅት መርጠው ሠንጠረዡን እንዲሞሉ ይታዘዛሉ።

ገጹ ዘጠኝ ሣጥኖች አሉት። በቀኝ በኩል ያሉት ደንበኛን ይመለከታሉ፤ በግራ ያሉት ሥራው ከመጋረጃው በስተጀርባ እንዴት እንደሚካሄድ ያሳያሉ። መሀል ላይ ደንበኛው የሚያገኘው ጥቅም ይቀመጣል። ከግርጌ በግራ ወጪ፣ በቀኝ ገቢ ይጻፋል። ሣጥኖቹን መሙላት ከባድ አይደለም። ከባዱ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ማድረግ ነው፤ በአንዱ ሣጥን የተጻፈ ቃል በሌላው ሣጥን ሥራ ወይም ወጪ ሆኖ መታየት አለበትና።

ለዚህ ማሳያ የሚሆን የክፍል ሥራ እንውሰድ። አንድ የተማሪዎች ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የምትቆም የቡና ጋሪ በምናቡ አቋቁሟል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዋጋዎች በሙሉ ለስሌቱ የተወሰዱ ግምቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ሣጥን የደንበኞች ምድብ ነው። ቡድኑ መጀመሪያ የጻፈው «ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ» የሚል ነበር። በዚህ ሣጥን በብዛት የሚታየው ስህተት ይኸው ነው። «ሁሉም» የተባለለት ደንበኛ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቸኩልና ስንት እንደሚከፍል አይታወቅም፤ ስለዚህ ቀሪዎቹን ስምንት ሣጥኖች የሚመራ ነገር የለም። በበሩ የሚያልፉት ሰዎች ሲታዩ ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ በክፍለ ጊዜ መሀል ለ10 ደቂቃ የሚወጡ ተማሪዎች፣ ከቢሮ ወጥተው ተቀምጠው ማውራት የሚፈልጉ መምህራንና ሠራተኞች፣ ጠዋት ታክሲ የሚጠብቁ መንገደኞች። ሦስቱም ቡና ይጠጣሉ፤ የሚገዙት ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን መረጠ።

ምርጫው መሀል ያለውን ሣጥን፣ ማለትም ለደንበኛው የሚሰጠውን ጥቅም፣ ወሰነው። በበሩ አጠገብ ጀበና ጥደው፣ ዱካ ደርድረው፣ ዕጣን አጭሰው ቡና የሚሸጡ እናት አሉ እንበል። ጋሪዋ በጣዕምም በጨዋታም ከእሳቸው ጋር ልትፎካከር አትችልም፤ መፎካከርም አያስፈልጋትም። 10 ደቂቃ ብቻ ያለው ተማሪ ቡናው እስኪፈላ አይጠብቅም። ስለዚህ በሣጥኑ የተጻፈው «ጥራት ያለው ቡና» የሚል ለማንም የሚሆን ቃል ሳይሆን «ትኩስ ቡና፣ ሳይጠበቅ፣ ይዞ የሚኬድ» የሚል ነው። እንዲህ የተጻፈ ጥቅም ሊለካ ይችላል፤ ተማሪው ሰልፍ ይዞ ክፍል ካረፈደ ቃሉ ፈርሷል ማለት ነው።

መዳረሻ መንገዶች የሚለው ሣጥን ደንበኛው ስለ ጋሪዋ የሚሰማበትንና ቡናውን የሚያገኝበትን መንገድ ይይዛል። ለጋሪ ይህ በአብዛኛው የቦታ ጉዳይ ነው፤ ከበሩ 200 ሜትር ርቃ ከቆመች የእረፍቱ ግማሽ በእግር ጉዞ ያልቃል። ከዚያ ሌላ የቴሌግራም ቻናል ቢጨመርም ዋናው ማስታወቂያ የሚቆላው ቡና ሽታ ነው።

የደንበኛ ግንኙነት ብዙ ጊዜ «መልካም መስተንግዶ» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ግን መልስ የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዱቤ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ተማሪ ገንዘብ የሚያገኘው ከቤተሰብ ሲላክለት ስለሆነ ዱቤ ደንበኛ ያበዛል። ነገር ግን ደብተር አውጥቶ ስም መጻፍ ሰልፉን ያዘገያል፣ ለጥሬ ቡና መግዣ የሚያስፈልገውንም ገንዘብ ያስራል። ፍጥነትን ቃል የገባ ሥራ በዱቤ ቢሸጥ ሁለቱ ሣጥኖች ይጣላሉ። ቡድኑ ዱቤውን ትቶ ክፍያው በቴሌብር ወይም በጥሬ ገንዘብ እንዲሆን ወሰነ።

የገቢ ምንጩ የስኒ ቡና ሽያጭ ነው፤ የአንዱ ስኒ ዋጋ 30 ብር ተብሏል። ከቡድኑ አባላት አንዷ ማኪያቶ ይጨመር የሚል ሐሳብ አቅርባ ነበር። ሐሳቡ ገቢውን ያሳድጋል፤ ሆኖም ወተት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ማቀዝቀዣ መብራት ይፈልጋል፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ብዙ ጾመኞች ወተት አይጠጡም። በቀኝ በኩል አንድ መስመር መጨመር በግራ በኩል ሦስት መስመር ስለሚጨምር ሐሳቡ ለጊዜው ተተወ።

ወደ ግራው ሲታለፍ ቁልፍ ሀብቶች ይመጣሉ፤ ጋሪዋ፣ ሁለት ጀበናዎች፣ ምድጃ፣ ቡና መፍጫ፣ ሁለት ትልልቅ ፔርሙሶችና አንድ ሠራተኛ። ፔርሙሱ የገባው ጀበና ለመፍላት ጊዜ ስለሚወስድ ነው፤ ቡናው ከእረፍቱ በፊት ካልተዘጋጀ ሁሉን ማስተናገድ አይቻልም። የወረቀት ኩባያ የተመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስኒ ማጠብ ውኃና ሁለተኛ ሰው ይጠይቃል፣ ይዞ መሄድንም ይከለክላል።

ቁልፍ ተግባራት ከዚህ ይቀጥላሉ፤ መቁላት፣ መፍጨት፣ ከእያንዳንዱ እረፍት በፊት አፍልቶ መገልበጥ፣ መቅዳት። እዚህ ላይ አንድ ግጭት ሳይሸፈን መታየት አለበት። በፔርሙስ የቆየ ቡና ትኩስነቱን ቢይዝም ጣዕሙ እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት አንዴ አፍልቶ ቀኑን ሙሉ መሸጥ አይቻልም፤ ለየእረፍቱ እንደገና መጣድ ግድ ነው። ይህም የሠራተኛውን ቀን ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል።

ቁልፍ አጋሮች የሚለው ሣጥን ለሚያውቁት ድርጅት ሁሉ ስም መደርደሪያ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ያ ወገን ቢቀር ሥራው ይቆማል ወይ? በዚህ መለኪያ ጥሬ ቡና በቋሚነት የሚያቀርበው ነጋዴ፣ ቦታውን የሚፈቅደው የዩኒቨርሲቲው አስተዳደርና ጋሪዋን ሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛ አጋሮች ናቸው። ባንክ ግን ብድር ካልተወሰደ በስተቀር አይገባም።

የመጨረሻው የወጪ አወቃቀር ነው፤ የቀሩት ሣጥኖች እውነት የሚፈተነውም እዚህ ነው። ከሽያጭ ጋር አብሮ የሚጨምረውንና ቢሸጥም ባይሸጥም የሚከፈለውን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ በግምት አንድ አምስተኛው ይቀንሳል። በስኒ 10 ግራም ከተያዘ ከኪሎው 80 ስኒ ያህል ይወጣል። ኪሎው 800 ብር ቢሆን በስኒ 10 ብር ይደርሳል፤ ስኳር 1 ብር፣ ኩባያ 4 ብር ሲጨመር 15 ብር ይሆናል። ከ30 ብሩ ሽያጭ 15 ብር ይተርፋል ማለት ነው። በየወሩ የሚከፈለው ደግሞ ለሠራተኛ 8,000፣ ለከሰል 3,000፣ ለቦታና ለጥበቃ 3,000፣ ለልዩ ልዩ 2,000፣ በድምሩ 16,000 ብር ነው። ይህን ለመሸፈን በወር 1,067 ስኒ መሸጥ አለበት። ትምህርት በወር 22 ቀን ካለ በቀን 49 ስኒ ነው።

ቡድኑ በመጀመሪያው ረቂቅ በቀን 150 ስኒ እንደሚሸጥ ገምቶ ነበር፤ በዚህም የወር ትርፉ 33,500 ብር ወጣ። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ምንም ጉድለት አይታይበትም። ጉድለቱ የሚታየው ከደንበኛው ሣጥን ጋር ሲነጻጸር ነው። ደንበኛው የሚመጣው በ10 ደቂቃ እረፍት ነው። አንድ ሠራተኛ ቀድቶ፣ ኩባያ ሰጥቶ፣ ክፍያ አረጋግጦ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅበት በአንድ እረፍት ከ20 ሰው በላይ አያስተናግድም። በቀን አራት እረፍት ቢኖር 80 ነው። 150 ስኒ የሚሸጠው ሁለተኛ ሠራተኛ ሲቀጠር ነው፤ ያ ደግሞ ወጪውን ይለውጠዋል።

በተስተካከለው ሠንጠረዥ የቀኑ ሽያጭ 60 ስኒ ሆነ፣ የወሩ ትርፍም ወደ 3,800 ብር ወረደ። ጋሪዋና ዕቃዎቹ 45,000 ብር ከፈጁ ገንዘቡ የሚመለሰው በ12 የትምህርት ወራት ነው። ተማሪ በክረምት ስለማይኖር ይህ ከአንድ የትምህርት ዘመን ያልፋል። ሥራው ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚያሳየው ሌላው ነገር የቡና ዋጋ ነው። ኪሎው 1,000 ብር ቢገባ ከስኒው የሚተርፈው 12 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ ወጪን ለመሸፈን ብቻ በቀን 59 ስኒ ያስፈልጋል። የታሰበው ደግሞ 60 ነው።

ሠንጠረዡ የማይዘው ነገርም አለ። ለተፎካካሪ የተለየ ሣጥን የለውም፤ ጀበና የጣዱት እናት ነገ የወረቀት ኩባያ ቢይዙ በየትኛው ቦታ እንደሚጻፍ አይናገርም። የዋጋ ንረትንና የደንብ ለውጥንም አያሳይም። ኦስተርዋልደርና ፒኘርም በመጽሐፋቸው የድርጅቱን አካባቢ ለብቻው እንዲጠና ያደረጉት ለዚህ ነው።

ከዚህ በላይ ግን በሣጥኖቹ ውስጥ ያለው ሁሉ እስኪፈተን ድረስ ግምት ነው። የሚፈተንበትም መንገድ ርካሽ ነው። ሁለት ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት በየእረፍቱ በሩ ላይ ቆመው ስንት ሰው እንደሚወጣና ስንቱ ቡና እንደሚገዛ ይቆጥራሉ። ቀጥሎ ጋሪ ሳይሠራ በአንድ ፔርሙስና በ20 ኩባያ፣ ፈቃድ ተጠይቆ፣ በ30 ብር ይሸጣል። 20ው ኩባያ በአንድ እረፍት ካላለቀ የሚታረመው ከደንበኛው ሣጥን ጀምሮ ነው፤ ጋሪዋን የማሠራት ሐሳብም እስከዚያ መቆየት አለበት።