ሰማያዊው ክዳን፦ አድብሉ ምንድን ነው? ስንት ይፈጃል? የትስ ይቀመጣል?

ብዙዎቻችን በየቤታችን አስተርጓሚዎች ነን። ከባንክ የመጣ ደብዳቤም ሆነ ከኩፓት ሆሊም የመጣ መልእክት መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። ባለፈው መኸር ከመካከላችን ለአንዷ አባቷ የላኩላት ግን የሚኒባሳቸውን ዳሽቦርድ ፎቶ ነበር። ሰውየው የፋብሪካ ሠራተኞችን በናፍጣ ሚኒባስ ያመላልሳሉ። ጽሑፉ የሚለው፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ አይነሳም ነው። «አድብሉውን ከትናንት ወዲያ ሞልቼዋለሁ እኮ፤ ምን ጎደለኝ ብሎ ነው?» አሏት።

የጎደለ ነገር አልነበረም። ችግሩ የተጨመረው ነው። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ግን ከፈሳሹ መጀመር አለብን።

አድብሉ፣ እዚህ አገር ሾፌሮች «ኡሬያ» የሚሉት፣ ስሙ ሰማያዊ ይመስላል እንጂ እንደ ውኃ ቀለም የለውም። ከመቶው 32.5 እጅ ዩሪያ ነው፤ የቀረው 67.5 ማዕድናቱ የወጡለት ንጹሕ ውኃ ነው። ዩሪያን ወላጆቻችን አሳምረው ያውቁታል፤ በአገር ቤት ከዳፕ ጋር እየተገዛ ማሳ ላይ የሚበተነው ነጩ ማዳበሪያ ነው። ፈሳሹ ከናፍጣው ጋር አይቀላቀልም። የራሱ ታንክና ሰማያዊ ክዳን አለው። ከዚያ በትንሽ ፓምፕ እየተገፋ በጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ ይረጫል። የጭሱ ሙቀት ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፤ አሞኒያው ደግሞ ካታሊስት በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ ሳንባ የሚጎዱትን የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ወደ ተራ ናይትሮጅንና ወደ ውኃ ትነት ይለውጣቸዋል። ከካታሊስቱ በኋላ ያለ መለኪያ ውጤቱን ይከታተላል። ጭሱ በሚገባው መጠን ካልጸዳ መኪናው ቆጠራ ይጀምራል፤ ቆጠራው አልቆ ሞተሩን ካጠፋችሁት ደግሞ አያስነሳችሁም። ብልሽት አይደለም፤ የአውሮፓ ሕግ ሆን ብሎ ያስገደደው ነገር ነው። በከባድ መኪኖች ላይ ቅጣቱ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ጉልበት ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ላይ ይታገዳል።

ስንት ይፈጃል? ለሚኒባስ የሚመች ግምት ከሚቃጠለው ናፍጣ 3 በመቶ አካባቢ ነው፤ ከባድ መኪና እስከ 5 እና 6 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የጓደኛችን አባት በሳምንት 1,500 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። መኪናቸው በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ናፍጣ ስለሚበላ በሳምንት 165 ሊትር ይሆናል። የዚህ 3 በመቶ 5 ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዘው ታንክ አራት ሳምንት ያስኬዳቸዋል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለራስ መኪና አንድ ጊዜ መሥራት ይጠቅማል። ፍጆታው ድንገት ግማሽ ከሆነ መርጫው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ እጥፍ ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ፍሳሹ ሲደርቅ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ስለሚተው በዓይን ይታያል፤ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል።

ወደ ፎቶው እንመለስ። የመጀመሪያው ሙሳኽ ፓምፑም መርጫውም ይቀየር አለ፤ ዋጋው ብዙ ሺህ ሼቄል ነው። ልጅቱ «ፈሳሹ ተለክቷል ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ አልተለካም። ሌላ መካኒክ ጋ ሄዱ። እሱ ከታንኩ ጥቂት ጠብታ ወስዶ የእጅ መነጽር በሚመስል መለኪያ፣ ሪፍራክቶሜትር በሚባለው፣ ላይ አደረገና አየ። 32.5 አካባቢ ማሳየት የነበረበት 26 አሳየ።

ያኔ ነው አባት የተናገሩት። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሲበራ ታንኩ ውስጥ 6 ሊትር ያህል ቀርቶ ነበር። የነበራቸውን አንድ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ጨመሩ። ሙሉ እንዲሆን 4 ሊትር ሲቀረው ደመወዝ ገና አልገባም፤ ሁለት ሦስተኛው ውኃ ነው ሲባል ሰምተዋልና ከቧንቧ ቀድተው ሞሉት። 16 ሊትር በ32.5 የነበረው ወደ 20 ሊትር ሲሰፋ 26 ይሆናል። መለኪያው ያሳየው ይህንኑ ነው። እኛ እንደ ስንፍና አላየነውም፤ የጀሪካኑን ጽሑፍ በሚያነቡት ቋንቋ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እኛም ፈተና ላይ ነበርን።

መቅጠኑ ከጉዳቱ ግማሹ ብቻ ነው። የቧንቧ ውኃችን ኩምኩም ውስጥ አቫኒት የሚተው ነው፤ ያ ኖራ እዚያም አይተንም። በደረጃው መሠረት በአንድ ኪሎ አድብሉ ውስጥ የሚፈቀደው ካልሲየም 0.5 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መርጫው ጫፍና ካታሊስቱ ላይ ይጋገራል፤ ካታሊስቱ ላይ የተጋገረውን ደግሞ አጥቦ የሚያወጣው የለም። በቤት ውስጥ የማዳበሪያ ዩሪያ በጥብጦ መጠቀምም እንዲሁ ነው፤ ማዳበሪያው እንዳይጓጉል የሚለበስበት ነገርና ባዩሬት የሚባል ቅሪት አለበት። እኚህ ሰው በሦስተኛው ቀን ስለደረሱበት ዳኑ። ታንኩ ተራግፎ በንጹሕ ውኃ ተለቃለቀ፣ አዲስ ተሞላ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ቆጠራው ጠፋ። አንድም ዕቃ አልተቀየረም።

ክዳን መሳሳት ግን ከዚህ የከፋ ነው። አድብሉ ናፍጣ ታንክ ውስጥ ከገባ ሞተር ማስነሳት ይቅርና ቁልፍ ማዞርም አይገባም፤ ቁልፉ ብቻ ሲዞር የናፍጣው ፓምፕ ፈሳሹን ወደ ውስጥ ሊገፋ ይችላል። በቆመበት ግራር ጠርቶ ማስጎተት ነው። ናፍጣ ወደ አድብሉው ከገባም እንደዚያው።

ማስቀመጥ ላይ የእኛ አገር ጠላት ሙቀት ነው። ብርዱ አያሳስብም፤ የሚረጋው ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ሲሆን ሲሟሟ እንደነበረው ይሆናል። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ የተቀመጠ 18 ወር ይቆያል። እስከ 30 ከሆነ 12 ወር፣ እስከ 35 ከሆነ 6 ወር። ከዚያ በላይ ዩሪያው ወደ አሞኒያ መፍረሱ ስለሚፈጥን ሳይለኩ መጨመር አያስተማምንም። በሐምሌ ቤርሼባ ውስጥ በቆመ መኪና ሻንጣ ቤት ወይም በቆርቆሮ ማኽሳን ሥር ሙቀቱ ስንት እንደሚደርስ መገመት ነው። ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ካለው ፈርሷል፤ ቀላል የአሞኒያ ሽታ ግን ያለ ነው። ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥም ጥሩ አይደለም፤ መዳብ፣ ነሐስ፣ አሉሚኒየምና የቆርቆሮ ባልዲ ይበላቸዋል፣ እሱም በእነርሱ ይበከላል። በመጣበት ፕላስቲክ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። በርካሽ ተገኘ ተብሎ የዓመት ፍጆታ መግዛትም አያዋጣም፤ ለእኚህ ሰው የአንድ ወር ማለት ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ብቻ ነው።

አሁን በየጀሪካኑ ላይ የተገዛበትን ቀን በትልቅ ማርከር ይጽፉበታል። ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ ማማዱ ስለሆነ እዚያ ለማስቀመጥ አስበው ነበር፤ እናት «እዚያስ እኛ ነን የምንገባው» ብለው ከለከሉ። ጀሪካኖቹ ከደረጃው ሥር ናቸው።