በድመት ማንኮራፋት ውስጥ የተገኘው ለቅሶ

ካረን ማኮም በእንግሊዝ አገር ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳትን ድምፅ የሚያጠኑ ተመራማሪ ናቸው። ስማቸው የታወቀው በአፍሪካ ትልልቅ አራዊት ነው። በሰሬንጌቲ አንበሶች ከሩቅ የሚሰሙትን ግሳት አድምጠው የባላጋራዎቻቸውን ብዛት እንዴት እንደሚገምቱ፣ በኬንያው አምቦሴሊ ደግሞ አንጋፋ እናት ዝሆኖች የወዳጅንና የባዕድን ድምፅ እንዴት እንደሚለዩ አጥንተዋል። ቤታቸው ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳቸው ግን ፔፖ የተባለ ድመታቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ሲፈልግ ይመጣና ማንኮራፋት ይጀምራል። ድመት ሲዳብሷት ወይም ጭን ላይ ተጋድማ ሳለች የምታሰማው ያው ር-ር-ር የሚል ድምፅ ነው፤ የፔፖ የጠዋት ድምፅ ግን እየሰሙት የሚተኙበት አልነበረም።

ነገሩን ለሌሎች ድመት አሳዳሪዎች ሲያነሱት እነሱም የሚያውቁት ሆኖ ተገኘ። ማኮም ይህ የሰዎች ስሜት ብቻ ነው ወይስ በድምፁ ውስጥ በእርግጥ የተለየ ነገር አለ ብለው ለማጣራት ተነሱ።

የመጀመሪያው ችግር ቀረጻው ነበር። ድመት አሳዳሪዋን ለብቻው አግኝታ የምታሰማውን ድምፅ፣ የማታውቀው ሰው መቅረጫ ይዞ ቤት ሲገባ አታሰማም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ አሳዳሪዎቹን ራሳቸውን አሠለጠኑ። በዚህ መንገድ አሥር ድመቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሁኔታ ተቀረጹ። አንዱ ምግብ ፈልገው አሳዳሪያቸውን ሲጎተጉቱ፣ ሌላው ምንም ሳይፈልጉ ተዝናንተው ሲያንኮራፉ ነው። ከዚያም ቅጂዎቹ ለ50 ሰዎች ተሰሙ። የቀረጻዎቹ ጩኸት እኩል እንዲሆን ስለተደረገ፣ አንዱ ከሌላው ጎላ ብሎ ጆሮን የሚስብበት ዕድል አልነበረም። ያም ሆኖ አድማጮቹ የምግብ ፍለጋውን ማንኮራፋት “ችኮላ ያለበት፣ ለጆሮ የማይመች” ሲሉ ለዩት። ድመት አሳድገው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ልዩነቱን አስተዋሉ፤ ድመት ያላቸው ደግሞ የበለጠ ለዩት።

ታዲያ ጆሯቸው የያዘው ምኑን ነው? የድመት ማንኮራፋት መሠረቱ እጅግ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ በሴኮንድ ወደ 27 ጊዜ ይርገበገባል። የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው ከ20 ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ከመስማት ይልቅ በመዳፍ ለመዳሰስ የቀረበ ነው። የምግብ ፍለጋው ቀረጻ ሲተነተን ግን ከዚህ ወፍራም ድምፅ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቅ ብሎ ታየ። አማካዩ በሴኮንድ 380 ንዝረት ነው። ይህ ሚያው የምትል ድመት ድምፅ ዘመድ ነው፤ ከዚህም በላይ የሕፃን ልጅ ለቅሶ የሚገኝበት፣ ከ300 እስከ 600 የሚደርሰው ክልል ውስጥ ይወድቃል።

ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ የላቀው ቀጥሎ ያደረጉት ነው። አንድ ነገር ከሌላው ጋር አብሮ መገኘቱ ብቻ መንስኤው እርሱ ነው አያሰኝም። ስለዚህ የምግብ ፍለጋውን ቀረጻ ወስደው ያቺን ቀጭን ድምፅ ብቻ በኮምፒውተር አወጡለት። ርዝመቱን፣ ምቱንና የቀረውን ሁሉ እንዳለ ተዉት። ሰዎች ይህን ሲሰሙ የችኮላው ስሜት በግልጽ ቀነሰ። ውትወታው ያለው በዚያች ድምፅ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ውጤቱ በ2009 “ከረንት ባዮሎጂ” በተባለው መጽሔት ታተመ።

ይህ ማለት ድመቷ የሕፃን ለቅሶ ሰምታ ቀድታለች ማለት አይደለም። ማኮም እንደሚያስረዱት ይህች ቀጭን ድምፅ በተለመደው ማንኮራፋት ውስጥም በትንሹ አለች። ድመቷ ድምፁን ከፍ ስታደርገው ሳህኗ ቶሎ እንደሚሞላ ካየች፣ እያጎላችው ትሄዳለች። ሁሉም ድመት ደግሞ አያደርገውም። ከአንድ ሰው ጋር ተቀራርበው በሚኖሩት ላይ ይበዛል። ሰው በሚበዛበትና ጫጫታ ባለበት ቤት ማንኮራፋት ሰሚ ስለማያገኝ፣ ድመቷ እዚያ ሚያው ማለትን ትመርጣለች። የተቀረጹት ድመቶች አሥር ብቻ መሆናቸው ግን መዘንጋት የለበትም።

ድምፁ ከየት ይወጣል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ተፈታ ከተባለ በኋላ እንደገና ተከፍቷል። በ1972 ሬመርስና ጎቲየ የተባሉ ተመራማሪዎች የድመት ማንቁርት ጡንቻዎችን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለክተው ነበር። በልኬታቸው መሠረት ጡንቻዎቹ ከአንጎል በሚመጣ ትእዛዝ በሴኮንድ ወደ 25 ጊዜ እየተኮማተሩ የአየሩን መንገድ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ድመት አየር ስታስገባም ስታስወጣም ሳታቋርጥ የምታንኮራፋው በዚህ ነው ተባለ። በ2023 ግን በቪየና ክርስቲያን ሄርብስትና ባልደረቦቹ፣ በማይድን ሕመም ምክንያት እንዲሞቱ ከተደረጉ ስምንት ድመቶች በአሳዳሪዎቻቸው ፈቃድ ማንቁርታቸውን ወስደው ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ነፉበት። ነርቭ የለም፣ የሚኮማተር ጡንቻ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም በሴኮንድ ከ25 እስከ 30 የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ አወጡ። በድምፅ ጅማቶቹ ውስጥ እስከ አራት ሚሊሜትር የሚሰፉ ለስላሳ እብጠቶች ተገኙ፤ ጅማቱን የሚያከብዱትና እርግብግቡን የሚያዘገዩት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ትንሽ ጉሮሮ እንዴት ያን ያህል ወፍራም ድምፅ ታወጣለች ለሚለው ይህ ጥሩ መልስ ነው። ሆኖም የተቆረጠ ማንቁርት ብቻውን መርገብገብ መቻሉ በሕይወት ያለችው ድመት ጡንቻዋን አትጠቀምም አያሰኝም፤ የ1972ቱ ልኬትም እንዳለ አለ። ሁለቱ ተጋግዘው ይሠራሉ የሚለው ግምት ለእኔ የበለጠ ያሳምናል።

ማንኮራፋት የሚጀምረው ገና በጨቅላነት ነው። ዓይኑ ያልተከፈተና ጆሮው የማይሰማ ግልገል ጡት እየጠባ ያንኮራፋል፤ እናቱም ታንኮራፋለች፤ ንዝረቱ በአካል ይተላለፋል። እዚያ ላይ ምቾትና ፍላጎት አንድ ላይ ናቸው። ግልገሉ የሚጠባውን አግኝቷል፣ እናቱ ተነስታ እንዳትሄድም ይፈልጋል።

የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ የተጎዱ፣ የሚያምጡና ሊሞቱ የተቃረቡ ድመቶች ሲያንኮራፉ ያያሉ። በ2001 ኤሊዛቤት ፎን ሙገንታለር ይህ ንዝረት አጥንትና ሥጋ እንዲጠገን ይረዳ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አጥንት በቀላል ንዝረት ሊጠነክር እንደሚችል በበጎች ላይ የታየ ጥናት ስላለ ሐሳቡ መሠረት የለሽ አይደለም። ይሁን እንጂ የድመቷ ማንኮራፋት የራሷን ስብራት ይፈውሳል ብሎ ያሳየ ሙከራ የለም፤ በየቦታው እንደ ተረጋገጠ ሐቅ መነገሩ ትክክል አይደለም።

የታመመች ድመትም እንደምታንኮራፋ ማወቅ ለድመቷ ይጠቅማል፤ “ታንኮራፋለች፣ ደህና ናት” ተብሎ ሕመሟ የሚታለፍበት ጊዜ አለና። በ2019 የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድመትን ሕመም ከፊቷ ለማንበብ የሚያስችል መለኪያ አሳተሙ። የሚመለከተው አምስት ነገሮችን ነው፦ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ዞረው ተለጥጠው እንደሆነ፣ ዓይኖቿ ጠብበው እንደሆነ፣ አፍና አፍንጫዋ አካባቢ ተወጥሮ እንደሆነ፣ ጢሟ ቀጥ ብሎ እንደሆነ፣ ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በታች ወርዶ እንደሆነ። ማንኮራፋት ከአምስቱ ውስጥ የለም።