ከቦነስ አክሲዮን በኋላ የአንድ አክሲዮን ትርፍና የዲቪደንድ ሽፋን እንዴት ይሰላሉ?

ቦነስ አክሲዮን ባለአክሲዮኑ ገንዘብ ሳያወጣ በያዘው አክሲዮን ልክ የሚሰጠው ተጨማሪ አክሲዮን ነው። ኩባንያው ያልተከፋፈለ ትርፉን ወደ ካፒታል ያዛውርና በዚያው መጠን አዲስ አክሲዮን ያድላል። ወደ ካዝና የገባም ከካዝና የወጣም ገንዘብ የለም። የእያንዳንዱ ባለአክሲዮን የባለቤትነት ድርሻም እንደነበረ ይቆያል፤ የሚለወጠው የአክሲዮኑ ብዛት ብቻ ነው። ዓመታዊ ሪፖርት የሚያነቡ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው፤ ትርፉ አድጎ ሳለ የአንድ አክሲዮን ትርፍ የቀነሰ ይመስላቸዋል።

ለምሳሌ አንድ አነስተኛ የዱቄት ፋብሪካ እያንዳንዳቸው 100 ብር ዋጋ ያላቸው 20,000 ተራ አክሲዮኖች አሉት እንበል። በ2016 የሒሳብ ዓመት ከግብር በኋላ 1,200,000 ብር፣ በ2017 ደግሞ 1,350,000 ብር አተረፈ። በ2017 አጋማሽ፣ ጥር መግቢያ ላይ፣ ለየአራቱ አክሲዮን አንድ ቦነስ ሰጠ። 5,000 አክሲዮን ተጨምሮ ጠቅላላው 25,000 ሲደርስ፣ 500,000 ብር ካልተከፋፈለ ትርፍ ወደ ካፒታል ዞረ።

የአንድ አክሲዮን ትርፍ የሚገኘው ከግብር በኋላ ያለውን ትርፍ ለተራ አክሲዮኖች ብዛት በማካፈል ነው። ቅድሚያ መብት ያላቸው አክሲዮኖች ካሉ የእነሱ ዲቪደንድ አስቀድሞ ከትርፉ ይቀነሳል። ስሌቱ ለ2016 60 ብር፣ ለ2017 ደግሞ 54 ብር ይሰጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ፋብሪካው አሥር በመቶ ወደ ኋላ ሄደ ይላል። ነገር ግን የ2016 ቁጥር በ20,000፣ የ2017 በ25,000 የተካፈለ ስለሆነ ሁለቱ አይወዳደሩም።

ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ስታንዳርድ ቁጥር 33 ለዚህ ግልጽ መፍትሔ አለው፤ ቦነሱ ሪፖርቱ ከሚያሳየው የመጀመሪያ ዓመት አንሥቶ እንደነበረ ተደርጎ ይቆጠራል። ስታንዳርዱ የሚያስገድደው አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ወይም ለዚያ የሚዘጋጁ ኩባንያዎችን ቢሆንም፣ አመክንዮው ለትንሹም ያው ነው። ስለዚህ የ2016 ትርፍም ለ25,000 ይካፈልና 48 ብር ይሆናል። በአቋራጭ የቀድሞውን 60 ብር በአራት አምስተኛ ማባዛትም ይቻላል። ትክክለኛው ንጽጽር ከ48 ወደ 54፣ ማለትም የ12.5 በመቶ ዕድገት ነው። ጠቅላላው ትርፍ ያደገውም በዚሁ ልክ ነው።

ብዙ ሒሳብ ሠሪዎችን የሚያሳስተው ጥር የሚለው ቀን ነው። አዲስ አክሲዮን በጥሬ ገንዘብ ሲሸጥ፣ ገንዘቡ ሥራ ላይ የዋለው ከሽያጩ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ብዛቱ በወራት ይመዘናል። ቦነስ ላይ ግን ወር መቁጠር ስሕተት ነው። ግማሹን ዓመት በ20,000፣ ግማሹን በ25,000 ይዞ አማካዩን 22,500 ያለ ሰው የ2017ን ቁጥር 60 ብር ያደርገዋል። በዚህ ስሌት ፋብሪካው ከአምናው ንቅንቅ ያላለ ይመስላል። ቦነሱ የሒሳብ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ሒሳቡ ከመጽደቁ በፊት ቢሰጥ እንኳ ማስተካከያው አይቀርም።

የዲቪደንድ ሽፋን ትርፉ የተከፋፈለውን ዲቪደንድ ስንት ጊዜ እንደሚሸፍን ያሳያል። በ2016 ለአንድ አክሲዮን 24 ብር፣ በጠቅላላው 480,000 ብር ተከፍሎ ነበር፤ ሽፋኑ 2.5 ነው። ቦነሱ ራሱ ይህን ቁጥር አይነካውም፤ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ወደ 48 ሲወርድ የዲቪደንዱ 24 ብርም ወደ 19.20 ይወርዳል፣ ውጤቱም ያው 2.5 ነው። ትርፉን አስተካክሎ ዲቪደንዱን የረሳ ሰው 48ን ለ24 ያካፍልና ሽፋኑ ሁለት ብቻ ነበር ይላል።

በ2017 ቦርዱ «ዲቪደንዱ እንዳምናው 24 ብር ይሁን» ቢልስ? እንዳምናው የሚለው ቃል ያታልላል። በ25,000 አክሲዮን ክፍያው 600,000 ብር፣ ማለትም የ25 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ሽፋኑም ወደ 2.25 ይወርዳል። 2.5ን ጠብቆ ለመቆየት ክፍያው 540,000 ብር፣ ለአንድ አክሲዮን 21.60 ብር መሆን ነበረበት። ይህ በጉባኤ ላይ ቅሬታ ማስነሣቱ አይቀርም። ሆኖም 400 አክሲዮን የነበረው ሰው አምና 9,600 ብር ካገኘ፣ ዘንድሮ በ500 አክሲዮኑ 10,800 ብር ይወስዳል።

ከቦነሱ በፊት በዓመቱ መካከል የተከፈለ ዲቪደንድ ካለ የአንድ አክሲዮን ክፍያዎችን ዝም ብሎ መደመር አይቻልም፤ የመጀመሪያው በ20,000፣ ሁለተኛው በ25,000 አክሲዮን የተከፈለ ነውና። አስተማማኙ መንገድ ጠቅላላውን ትርፍ ለጠቅላላው ዲቪደንድ ማካፈል ነው።

ሽፋኑ የማይነግረው ነገርም አለ። ወደ ካፒታል የዞረው 500,000 ብር ከእንግዲህ በዲቪደንድ መልክ አይከፋፈልም፤ ትርፍ በቀነሰበት ዓመት ክፍያ የሚደጎምበት ያልተከፋፈለ ትርፍ በዚያው ልክ ሳስቷል። ስለዚህ የፋብሪካውን ሪፖርት የሚያነብ ባለአክሲዮን በመጀመሪያ የአምናው ዓምድ በስንት አክሲዮን እንደተካፈለ ይመልከት፤ 20,000 ካገኘ ንጽጽሩ አልተስተካከለም።